ያዘጋጀው እኔ፣ የመረመረው እኔ፣ ያጸደቀው እኔ

ዘንድሮ የሒሳብ ሠራተኛ ፈላጊ ሁሉ የሚፈልገው የሒሳብ ሠራተኛ አይደለም። የሚፈልገው ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ገዢ፣ መጋዘን ጠባቂ፣ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ሾፌርና ሲመቸውም የልጆቹ አስጠኚ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ቆዳ ውስጥ ጠቅጥቆ «አካውንታንት» ብሎ ማስታወቂያ ይለጥፋል። ይህን የምናገረው ጡረተኛ ስለሆንኩና ሥራ ስለፈታሁ አይደለም። እሺ፣ ጡረተኛ ነኝ፤ ሥራም ፈትቻለሁ። ግን ዕድሜዬን በሙሉ መዝገብ ላይ ያጎነበስኩ ሰው ነኝና የሥራ መዘርዝር ሲቀርብልኝ አፌን መያዝ አይሆንልኝም። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ የወጣው እግርህ ብቻ ነው?» ትለኛለች። ልክ ናት። ምላሴ ገና በሥራ ላይ ነው።

አሁን ከፊቴ ያለው ሁለት ገጽ የሥራ መዘርዝር የአንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም፤ በየዕለቱ በበሩ ነው የማልፈው፣ የዘበኛውን ሰላምታ ማጣት አልፈልግም። ወረቀቱን ያመጣችልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሒሳብ አያያዝ አጥንታ ተመርቃ፣ አንድ ቦታ ሁለት ዓመት ሠርታ፣ የተሻለ ፍለጋ ላይ ያለች ጎበዝ ልጅ። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ላመልክት ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። እኔ የሥራ መዘርዝር የማነበው ከታች ወደ ላይ ነው። ጉዱ ዘወትር ከታች ነው የሚጀምረው።

ከታች በኩል «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል። የማን ስምምነት? እነሱ ይቆርጣሉ፣ አንቺ ትስማሚያለሽ። ከዚያ ከፍ ሲል ተፈላጊ ችሎታ ይመጣል። በሒሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ፤ መልካም። አምስት ዓመት የሥራ ልምድ፤ ዕድሜ ከ28 ያልበለጠ፤ ይህን የጻፈ ሰው መደመር ይችላል ብዬ አላምንም። የፒችትሪ ችሎታ፤ ፕሮግራሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የእኛ ማስታወቂያ ግን እስከ ምጽአት ድረስ ፒችትሪ ነው። የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች ዕውቀት፤ ኤሲሲኤ ያለው ተመራጭ ነው፤ መንጃ ፈቃድ፤ ተያዥ ማቅረብ የሚችል፤ «ጫና መቋቋም የሚችል»። እኔ ኮሜርስ ስማር በእጅ የሚሽከረከር መደመሪያ መኪና ነበር ያለን። ክንዳችን የሚፈረጥመው በስፖርት ሳይሆን በሚዛን ማመሳከሪያ ነበር። መንጃ ፈቃድ ግን ማንም ጠይቆን አያውቅም።

ይህን ሁሉ ጠይቀው አንድም ቦታ ላይ ሰውየው ሥራውን መቻሉን የሚያሳይ ነገር አልጠየቁም። እኔ ቀጣሪ ብሆን አንድ እርሳስና አንድ ጥያቄ ነው የማቀርበው። «12,000 ብር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ እጁ ላይ ስንት ይደርሰዋል? ድርጅቱስ በጠቅላላ ስንት ያወጣል?» ልጅቷን እዚያው ጠየቅኋት። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሠንጠረዥ 12,000 ብር የሚወድቀው 30 በመቶው እርከን ላይ ነው፤ 3,600 ይሆናል፣ የእርከኑ ተቀናሽ 1,350 ሲነሳለት ግብሩ 2,250 ይቀራል አለች። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ 840፤ ስለዚህ እጁ ላይ 8,910 ይደርሰዋል። ድርጅቱ ደግሞ ከኪሱ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ይጨምራል፤ ጠቅላላ ወጪው 13,320 ነው። ደቂቃም አልፈጀባት። ከዚያ ጥቂት ዝም ብላ «ጋሼ፣ ይሄኛው 1,320 ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ሲቆረጥ አይቻለሁ» አለችኝ። ይቺን መልስ የሰጠ ሰው ለእኔ ከአምስት ዓመት ልምድ ይበልጥብኛል። የቱ ገንዘብ የማን እንደሆነ ያውቃልና።

ከፍ እንበል። የተግባራት ዝርዝር መጨረሻ ላይ «በቅርብ ኃላፊው የሚሰጡ ሌሎች ተጨማሪ ሥራዎችን ያከናውናል» የምትል አረፍተ ነገር አለች። በሀገራችን እሷ የሌለችበት የሥራ መዘርዝር አላየሁም። እኔም በሥራ ዘመኔ በእሷ ስም የአለቃዬን አክስት ከአውቶቡስ ተራ ተቀብያለሁ፣ ለፋሲካ በግ መርጫለሁ፣ በሠርግ ላይ የስጦታ ፖስታ መዝግቤያለሁ። የበጉን አልከፋኝም፤ ከመዝገብ ይሻል ነበር። እሷን እንለፋት፤ እሷ ሰው ታደክማለች እንጂ ሰው አታሳስርም።

የሚያሳስረው ከእሷ በላይ ያለው ነው። እዚህ ላይ መነጽሬን አጸዳሁ። አካውንታንቱ፣ ይላል ወረቀቱ፣ ከደንበኞች ገንዘብ ይሰበስባል፤ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ገንዘቡን ባንክ ያስገባል፤ በደንበኞች የሒሳብ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ በየወሩ መጨረሻ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ይሠራል። ጽሑፉ ያማረ ነው፣ ነጠላ ሰረዙም በቦታው ነው። ግን እኔ ያደግኩበት ትምህርት አራት ሰዎችን ይለያል፤ አዛዥ፣ ያዥ፣ መዝጋቢና አስታራቂ። አንዱ ገንዘብ እንዲወጣ ወይም እንዲገባ ይፈቅዳል፣ ሌላው ገንዘቡን በእጁ ይይዛል፣ ሦስተኛው ይጽፋል፣ አራተኛው የተጻፈውን ካለው ጋር ያስተያያል። ሰው ቢያጥር ሁለቱን ማጣመር ይቻል ይሆናል፤ ያዥንና መዝጋቢን ግን ማጣመር አይቻልም። ይህ ወረቀት ያዡን፣ መዝጋቢውንና አስታራቂውን በአንድ ወንበር ላይ አስቀምጧቸዋል።

ይህ ምን እንደሚያመጣ በዓይኔ ያየሁትን ላውጋችሁ። የሠራሁበትን ቤት ስም ተዉት። ለሥራ ተቋራጮች ሲሚንቶና ብረት በዱቤ የሚሸጥ ድርጅት ነበር። ሒሳቡን የሚይዘው ሰው ምስጉን ነው፤ ጠዋት ቀድሞ ይገባል፣ ማታ መጨረሻ ይወጣል፣ የዓመት ዕረፍት ወጥቶ አያውቅም። አለቆቹ በስብሰባ ላይ እንደ አርአያ ይጠሩታል። አንድ ሰኞ አንድ ተቋራጭ ከዕዳው ላይ 60,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ከፈለ። ሰውየው ደረሰኝ ቆርጦ ሰጠው፣ ገንዘቡን ግን ባንክ አላስገባም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶበት ነበር፤ በወር መጨረሻ እመልሳለሁ ብሎ ነው፤ እንዲህ የማይል ሌባ የለም፣ አብዛኞቹም ሲጀምሩ እውነታቸውን ነው።

ሐሙስ ሁለተኛው ተቋራጭ 85,000 ከፈለ። አሁን የመጀመሪያው ሰው ሒሳብ ላይ ክፍያው ካልታየ ዕዳው እንዳለ ስለሚቆም ጥያቄ ይነሳል። ስለዚህ ሰውየው 85,000ውን ባንክ አስገብቶ መዝገቡ ላይ 60,000ውን ለመጀመሪያው፣ የቀረውን 25,000 ለሁለተኛው ጻፈ። አሁን የጎደለው የሁለተኛው 60,000 ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስተኛው 90,000 ሲከፍል 60,000ው ለሁለተኛው ተጻፈ፣ 30,000 ለሦስተኛው። ጉድለቱ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል እንጂ አይጠፋም፤ በመካከል ደግሞ የቤት ኪራይ ይመጣል፣ ሠርግ ይመጣል፣ ይጨመርበታል።

አሁን ወጣቶቹን ሳስጨንቅ የምጠይቀው ጥያቄ ይኸውላችሁ። መዝገቡ ላይ ምን ይታያል? ምንም። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ነው። ባንክ የገባው መዝገብ ላይ ከሰፈረው ጋር እኩል ነው፤ የባንክ ማስታረቂያው እንደ መስታወት ያበራል። ገንዘቡ የተወሰደው መዝገብ ሳይደርስ ነውና መዝገብ ምን ብሎ ይመስክር? የሚመሰክሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። አንደኛው የደረሰኙን ቅጂ ከባንክ ማስገቢያ ወረቀቱ ጋር በቀንና በመጠን ማነጻጸር ነው፤ ሰኞ የ60,000 ደረሰኝ ተቆርጦ ሰኞም ማክሰኞም 60,000 ባንክ ካልገባ ሰውየው ይጠየቃል። ሁለተኛው ደንበኞቹን ራሳቸውን መጠየቅ ነው፤ ቀሪ ዕዳቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ በየጊዜው ይላክላቸው፣ የሚልከው ግን ያው ሰው አይሁን።

በዚያ ቤት ሁለቱንም የሚሠራው እሱ ራሱ ነበር። ታይፎይድ ባይጥለው ኖሮ እስከ ጡረታው ይቀጥል ነበር። አልጋ ላይ ሳለ አንድ ልጅ ቦታውን ተክቶ ዕዳ ያለበትን ተቋራጭ በስልክ «መቼ ነው የሚከፍሉን?» ቢለው፣ ተቋራጩ ደረሰኙን ይዞ እየጮኸ መጣ። ያን ጊዜ ነው አለቆቹ ዕረፍት አለመውጣቱ ትጋት እንዳልነበረ የገባቸው። እርግጥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያው የሥራ ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት የሚሰጠው ለሠራተኛው ጤና ነው፤ እኔ ግን ለካዝናውም ጤና ነው እላለሁ። ከዚያ ወዲህ የሥራ መዘርዝር ስጽፍ «በየዓመቱ ሥራውን በርክክብ አስረክቦ ዕረፍት ይወጣል» የምትል መስመር አስገባ ነበር። ሠራተኞቹ ደግ ሰው ይሉኛል። ደግነት አልነበረም።

ዛሬማ ጥሬ ገንዘብ ቀርቷል ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ክፍያው ከባንክ ወደ ባንክ ማስተላለፍ ሆኗል። ታዲያ በዚሁ መዘርዝር ላይ «ደንበኞች በሞባይል የሚልኩትን ክፍያ ተቀብሎ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ያዛውራል» የሚል አለ። በማን ስልክ ነው የሚቀበለው? አልተጻፈም። ልጅቷ ደውላ ጠየቀችልኝ፤ «በራስሽ ስልክ» አሏት። እግዚኦ! የድርጅትን ገንዘብ በግል ስልኳ የተቀበለች ልጅ ነገ አንድ ብር ቢጎድል ምን ብላ ትከራከራለች? ጠዋት የሰው፣ ከሰዓት የእሷ እየሆነ የሚውል ገንዘብ ምስክር የለውም። ይህ አሠራር ሌባውን አይከላከልም፣ ንጹሑን ግን ያስጠረጥራል። ተያዥ የፈለጉትም ለዚሁ መሰለኝ፤ አሠራሩን ከማስተካከል አጎቷን ማስፈረም ቀለላቸው።

ከወረቀቱ ጋር የወጪ ቫውቸራቸውንም ናሙና አያይዘዋል፤ ከታች ሦስት ፊርማ አለው። ያዘጋጀው፣ የመረመረው፣ ያጸደቀው። ለምን ሦስት ሆነ? አንዱ ደረሰኝና ማዘዣ አያይዞ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ዕቃው በእርግጥ መጋዘን መግባቱን፣ ድምሩ ልክ መሆኑን፣ ከተከፋዩ ላይ የሚቀነሰው ቅድመ ግብር መቀነሱን ያያል፤ ሦስተኛው ገንዘቡ ይውጣ ብሎ ይፈቅዳል። ናሙናው ላይ ሦስቱም ቦታ አንድ ፊርማ ነው፤ ያውም ሦስተኛው ላይ እጁ ደክሞት መጨረሻው ተንጋዷል። «ሥራ አስኪያጁ ጊዜ ስለሌላቸው ነው» አሏት። ቫውቸር ለመፈረም ጊዜ የሌለው ሰው ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ጊዜ ከየት ሊያመጣ ነው?

ልጅቷ ታዲያ ጥሩ ተከራከረችኝ። «ጋሼ፣ ድርጅቱ እኮ ስድስት ሰው ነው ያለው፤ አራት ሰው ለሒሳብ ከየት ያመጣሉ?» እውነቷን ነው፤ ትንሽ ቤት የትልቅ ቤት ሥርዓት መሸከም አይችልም። ግን መፍትሔው ድሮም ያው ነው፣ ወጪም የለውም። ገንዘቡን የሽያጭ ሠራተኛዋ ትቀበል፣ ደረሰኝም እሷ ትቁረጥ፤ አካውንታንቱ ይመዝግብ፣ ገንዘብ አይንካ። የባንክ መግለጫው ደግሞ ከሁሉ በፊት ለባለቤቱ ይድረሰው። በወር አንድ ጊዜ ቡናውን እየጠጣ ገጹን ያገላብጥ፤ የማያውቀው ስም ካየ ይጠይቅ፣ ከወሩ ደረሰኞች አምስቱን መዞ ባንክ የገቡበትን ቀን ይፈልግ። ቼኩንም ደጋፊ ወረቀቱ ካልተያያዘ አይፈርም። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ባዶ ቼክ ፈርሞ ወደ ውጭ የሚሄድ ባለሀብት ግን ሌባ ቀጥሯል ማለት አይቻልም፤ ሌባ እያሠለጠነ ነው።

ወደ ላይ ስወጣ የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ደረስኩ። ከሁሉም አጭሯ ናት። «ተጠሪነት፦ ለሽያጭ ሥራ አስኪያጅ።» ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ደም ግፊቴ የተነሳ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ።

የሽያጭ ሥራ አስኪያጅ ኮሚሽን የሚታሰብለት በሽያጭ መጠን ነው። የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ 29 ቀን ሰውየው ወደ ልጅቷ ጠረጴዛ መጥቶ «ይቺን የ800,000 ብር ሽያጭ ዛሬ መዝግቢያት፤ ደንበኛው ቃል ገብቷል፣ ዕቃው ሐምሌ 4 ይጫናል» ይላታል። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ነው፣ ደንበኛው አልተረከበም፣ ገንዘብም አልከፈለም፤ ይህ የዘንድሮ ሽያጭ አይደለም። አካውንታንት ማለት እዚህ ላይ «አይሆንም» የሚል ሰው ነው። ግን «አይሆንም» የምትለው ሰው የሥራ አፈጻጸም ምዘናዋን የሚሞላው ሰው ነው። ትጽፋለች። በጽሑፏ ምክንያት ትርፉ ያብጣል፣ የትርፍ ግብር ይከተላል፤ ደረሰኙ በሰኔ ከተቆረጠም 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 120,000 ብር፣ ከደንበኛው አንድ ሳንቲም ሳይገባ በሰኔው ወር ማስታወቂያ ውስጥ ይገባል። ሐምሌ ላይ ደንበኛው ሐሳቡን ከቀየረ ሽያጩ ይሰረዛል፤ ኮሚሽኑ ግን ተበልቷል።

ይህን ማወቅ የሚፈልግ ሰው በቀላሉ ያውቀዋል። ከሰኔ 25 እስከ ሐምሌ 5 የተቆረጡ ደረሰኞችን አውጥቶ ከዕቃ መረከቢያ ወረቀቶቹ ቀን ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ኦዲተር ሲመጣ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ኦዲተሩ ሲጠይቅ ደግሞ መልስ የሚሰጠው የሽያጭ ሥራ አስኪያጁ አይደለም፤ «ያዘጋጀው» የሚለው መስመር ላይ የፈረመችው ልጅ ናት።

የሒሳብ ሠራተኛ ተጠሪነቱ ለፋይናንስ ኃላፊ ነው፤ ፋይናንስ ኃላፊ ከሌለ ለጠቅላላ ሥራ አስኪያጁ ወይም ለባለቤቱ። ገንዘብ ያዥ ካለ እሱም ለዚያው ኃላፊ እንጂ ለአካውንታንቱ አይጠራም፤ አካውንታንቱ ያዡን ካዘዘው ሁለቱን መለየት ከንቱ ነው። ለሽያጭ፣ ለግዢና ለመጋዘን ግን በፍጹም። ሒሳቡ የሚመዝነው ሰው ሒሳቡን ሊያዝዘው አይችልም።

ልጅቷን አታመልክቺ አላልኳትም፤ ሥራ አስፈላጊ ነገር ነው፣ እኔ ደግሞ የእንጀራዋ ባለቤት አይደለሁም። በቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ነገር ጠይቂ አልኳት። የባንክ መግለጫው መጀመሪያ በማን እጅ ነው የሚገባው? የደንበኛ ክፍያ በማን ስም ነው የሚላከው? ሰኔ 29 «አይሆንም» ብል ምዘናዬን የሚሞላው ማነው? መልሱን በደብዳቤ እንጂ በአፍ እንዳትቀበል ደግሜ ነገርኳት።

ለእናንተም ለባለ ድርጅቶቹ አንድ ቃል አለኝ። ኤሲሲኤውንም መንጃ ፈቃዱንም ጠይቁ፣ ግዴለም፤ ዕድሜውንም እንደፈለጋችሁ። ግን ማስታወቂያው ሳይለጠፍ በፊት የመጀመሪያውን መስመር አስተካክሉት፤ ገንዘብ ከሚጽፈው ሰው እጅ ገንዘብ አውጡ፤ ቼካችሁንም ራሳችሁ ፈርሙ።